በጭንቀት ጊዜ ዙሪያው ሕልም ሲመስል የሚሠሩ ስህተቶች

ጭንቀት ሲበረታ የምታውቁት ሰፈር ድንገት ባዕድ ሊሆንባችሁ ይችላል። ሰዉና ሕንፃው ከመስታወት ጀርባ ያለ ይመስላል፣ ድምፅ ይርቃል። ሀዋሳ ውስጥ በአእምሮ ጤና ክፍል ስሠራ፣ ስሜቱን ለማጥፋት የሚደረገው ትግል ከስሜቱ ብሶ ሲያሰቃይ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት መፈተሽ ነው። በፈተና ሰሞን እንቅልፍ ያጣች አንዲት ተማሪ ከፒያሳ ባጃጅ ተሳፍራ ስትሄድ መንገዱ ሥዕል መሰላት። እጇን አየች፣ የሷ አልመስል አላት። ራሷን ቆነጠጠች፣ በስልኳ ካሜራ ፊቷን አየች፣ ጓደኛዋን «እውነት እዚህ ነኝ?» አለቻት። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ሥራዋ «ዛሬስ አለ?» ብሎ መፈለግ ሆነ። እባካችሁ ይህን ተዉ! ማንም ሰው እጁን ወይም መስታወት ውስጥ ያለ ፊቱን አፍጥጦ ቢያይ እንግዳ ይሆንበታል። ፍተሻው ራሱ ስሜቱን ይፈጥራል፣ አእምሮም «የሚፈራ ነገር ቢኖር ነው» ብሎ ጭንቀቱን ይጨምራል። ለልጅቷ የነገርኳት፣ ሲመጣባት «መጣ፣ ይሄዳል» ብላ የጀመረችውን እንድትቀጥል ነው፤ ታሪፉን ትክፈል፣ ወሬዋን ትጨርስ፣ ዓይኗ ወደ ውጭ ይሁን። መጀመሪያ ላይ ስሜቱ አልቀረም፤ እሷ ግን መጠበቁን ስትተው እያጠረ፣ እየሳሳ ሄደ።

«ሲስተር፣ እያበድኩ ነው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይደለም። መንገዱ ሥዕል እንዳልሆነ፣ እንዲያው እንደመሰላት ልጅቷ አሳምራ ታውቅ ነበር። እውነቱን የመለየት አቅሟ አልተነካም። ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያው ላይ ደርሶ ይወርዳል፣ ይህም ስሜት አብሮት ይረግባል። እንቅልፍ ማጣትና የሰነበተ ጭንቀት ካለ ለቀናት ቢመላለስም አንጎልን አይጎዳም።

ሌላው ስህተት አየር በኃይል መሳብ ነው። «በረጅሙ ተንፍሺ» ሲባሉ ቶሎ ቶሎ፣ በአፍ፣ ደረት ሙሉ ይስባሉ። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ራስ ቅልል ይላል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ዙሪያውም ይበልጥ ይርቃል። በአፍንጫ፣ በልኩ፣ 4 ሰከንድ ያህል ወደ ውስጥ፣ 6 ሰከንድ ያህል ወደ ውጭ ይበቃል።

ጫትና ሦስተኛ ስኒ ቡና በዚህ ሰሞን ይቅሩ። ከቤት አልወጣም ማለትም ፍርሃቱን ያደልበዋል።

ስሜቱ የጀመረው ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከሆነ፣ ራስን መሳት ወይም መንዘፍዘፍ ካለው፣ ወይም ያለ ጭንቀት ሳያቋርጥ ከሰነበተ ግን ሐኪም ይየው።