የማህበራችን ብር መንገድ ላይ የሚቀልጥባቸው ስህተቶች

የወሎ ልጆች አሜሪካ ላይ ማህበር ሲያቋቁሙ በጀቱን በማባዛት ይጀምራሉ። 40 አባል፣ በወር 10 ዶላር፣ በዓመት 4,800 ዶላር። ወዲያው ተሁለደሬ ይደወልና "ለትምህርት ቤቱ ይህን ያህል እንልካለን" ይባላል። ኧረ ቀስ!

ቃል የተገባ ብር ገቢ አይደለም። ሀገር ቤት የቅሬ መዋጮ ያልከፈለን ሰው ሰፈሩ ያውቀዋል። እዚህ ግን ስልክ አለማንሳት ነው፣ አለቀ። ሶስት ወር ሰብስቡና በትክክል የከፈለውን ሰው ቁጥር በጀቱ ላይ ጻፉ።

መዋጮውን በየወሩ በካርድ መሰብሰብም ሌላ ጣጣ ነው። አሜሪካ የተለመደው የካርድ ክፍያ 2.9 በመቶና በላዩ 30 ሳንቲም ነው። ከ10 ዶላር 59 ሳንቲም ሄደ ማለት ነው፣ ወደ 6 በመቶ። አባሉ በሶስት ወር አንዴ 30 ዶላር ቢከፍል ግን የሚቆረጠው 1.17 ዶላር ብቻ ነው፤ በየወሩ ቢሆን 1.77 ይሆን ነበር። ለ40 ሰው በዓመት 96 ዶላር ይተርፋል። ሳንቲም ነው የምትሉ፣ በሱ ስንት ደብተር እንደሚገዛ ደሴ ገበያ ጠይቁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። "ይሄኛው መላኪያ ነፃ ነው!" በየስብሰባው አንድ ሰው ይህን ይላል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ነፃ የሚልክላችሁ ዘመድ እንጂ ድርጅት አይደለም። ትርፉን ከምንዛሬው ላይ ይወስዳል። እንበል እጃችሁ ላይ 1,015 ዶላር አለ። ነፃ የተባለው ዶላሩን በ140 ብር ቢመነዝር 142,100 ብር ይደርሳል። ሌላው 15 ዶላር ቆርጦ ቀሪውን በ144 ቢመነዝር ደግሞ 144,000። ነፃው 1,900 ብር በላችሁ! ስለዚህ ማስታወቂያውን ተዉትና ሀገር ቤት የገባውን ብር ከኪሳችሁ በወጣው ጠቅላላ ዶላር አካፍሉት። እውነተኛው ምንዛሬያችሁ እሱ ነው። ደረሰኙ ሲመጣ ይህን የሚያሰላ ገንዘብ ያዥ እስካሁን ብዙ አላየሁም።

ከባንክ ወደ ባንክ የምትልኩ ከሆነ ፎርሙ ላይ SHA፣ ማለትም የመላኪያውን ወጪ ላኪና ተቀባይ ይካፈሉት የሚለው፣ ከተሞላ መሀል ያለው ባንክ ከምትልኩት ላይ ሊቆርጥ ይችላል። የባንክ ሐዋላ በየወሩ አትላኩ፣ አጠራቅሙ። በአጎት ልጅ የግል አካውንት መላክማ... ተዉት፣ አላወራውም።

የፕሮጀክቱን ወጪ በብር ተምኖ ዓመቱን ሙሉ እሱን ይዞ መቀመጥም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ግድም ወደ 74 ብር አለፈ። ብራችን በዛ ብሎ መደሰት ይቻላል፣ ግን ሲሚንቶና ቆርቆሮውም የድሮ ዋጋው ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ግንበኛው በሰጣችሁ ፕሮፎርማ ላይ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና እዩ። ቀኑ ካለፈ፣ ከመላካችሁ በፊት አዲስ አስጽፉ።