ስሎው ዘፈን ላይ ድምፁ ዘገየ እንጂ ዘና አላለም፦ ምክንያቱና መፍትሄው

ጎጃም ውስጥ በሰርግ ቤትና በባህል ምሽት ያደገ ድምፃዊ ቃሉን ከከበሮውና ከጭብጨባው ጋር እኩል መጣል ለምዷል። እስክስታው ሲግል ደግሞ ጨዋታውን ለማሟሟቅ ከምቱ ትንሽ ቀደም ይላል። ያው ሰው በደቂቃ 70 ምት የሚሄድ ስሎው ዘፈን ሊቀዳ ሲገባ ግን ይህ ልማድ ዜማውን ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ንባብ ያደርቀዋል። አቀናባሪው «ትንሽ ወደ ኋላ በል» ይለዋል፤ እሱም ወደ ኋላ ይላል። ሲሰማ ግን ዘና ያለ ሳይሆን የዘገየ ዘፈን ሆኖ ያርፋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ችግር ነው።

መጠኑን አስቀድመን እንያዝ። በ70 ቴምፖ ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ 857 ሚሊ ሰከንድ አለ። እኔ ስሠራ ዘና ያለ ሐረግ የማገኘው ቃሉ ከምቱ ከ30 እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ ወደ ኋላ ሲያርፍ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጆሮ ስህተት ነው ብሎ መጠርጠር ይጀምራል። ግማሽ ምት፣ ማለትም 429 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ከደረሰ ደግሞ መዘግየቱ ቀርቶ ሌላ ዜማ ሆኗል። ቴምፖው ሲፈጥን ክልሉም አብሮ ይጠባል፤ በ120 ላይ 80 ሚሊ ሰከንድ ብዙ ነው።

ችግር፦ ድምፃዊው «በምቱ ላይ ነው የዘፈንኩት» ብሎ ይምላል፣ ቀረጻው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የዘገየ ነው

ዘፋኙን ከመውቀስ በፊት ዕቃውን ፈትሹ። የሄድፎኑን አንድ ጆሮ ከማይኩ ጋር አጋጥማችሁ ምት የሚቆጥረውን ክሊክ ብቻ አጫውቱና ቅዱት፤ ከዚያ የተቀዳውን ክሊክ ከዋናው ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች ከሆነ ዕቃው ጤነኛ ነው። ከ100 በላይ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ብሉቱዝ ሄድፎን ነው። ዘፋኙ ሙዚቃውን የሚሰማው ዘግይቶ ስለሆነ፣ እሱ በትክክል ቢገባም ድምፁ የሚቀመጠው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ነው። መፍትሄው ባለገመድ ሄድፎን ነው። የተቀዳውን መጣል የማትፈልጉ ከሆነ በለካችሁት ልክ ትራኩን ቀደም ወደሚልበት፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ግፉት።

ሁለተኛው የዕቃ ጣጣ ቡፈር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሳለፉ በፊት የሚያጠራቅምበት ቋት ነው። ዘፋኙ የራሱን ድምፅ በኮምፒውተሩ በኩል አልፎ የሚሰማ ከሆነና ቡፈሩ 1024 ላይ ከተቀመጠ፣ በ44,100 ሳምፕል ሲገባ 23፣ ሲወጣም 23 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። የገዛ ድምፁ ዘግይቶ ጆሮው የሚደርስ ሰው ይወላውላል፤ አንዱ ለማካካስ ይቸኩላል፣ ሌላው ይጎተታል። ሲቀዳ ቡፈሩን ወደ 128 አውርዱት፤ የድምፅ ካርዱ ድምፁን በቀጥታ ወደ ሄድፎን የሚያሳልፍ ከሆነ ደግሞ በእሱ ተጠቀሙ።

ችግር፦ ዕቃው ጤነኛ ነው፣ መዘግየቱም በልክ ነው፣ ዘፈኑ ግን እየተጎተተ ነው

በብዛት የሚያጋጥመው ይኸኛው ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ምክንያቱን የሚፈልገው በመዘግየቱ መጠን ውስጥ ነው። ምክንያቱ ያለው መድረሻው ላይ ነው። ዘና ያለ አዘፋፈን ዘግይቶ ይነሳና በሰዓቱ ይደርሳል። ሁሉም ቃል እኩል ከዘገየ ሰሚው ዘፋኙ ምቱን እንደሚያውቀው ምልክት አያገኝም፤ ስለዚህ ስቶታል ብሎ ይደመድማል።

በምሳሌ እንየው። ለዚሁ ጽሑፍ የገጠምኩት ስንኝ ነው፦

ጣና ዳር ቆሜ ጠበቅሁሽ እስኪነጋ

በወረቀት ላይ፣ በመጀመሪያው ባር «ጣ» አንደኛው ምት ላይ፣ «ዳር» ሁለተኛው፣ «ቆ» ሦስተኛው፣ «ሜ» አራተኛው ላይ ይወድቃሉ። በሁለተኛው ባር «ጠ» አንደኛው ምት ላይ ይነሳል፤ «ሁሽ» ሁለተኛው ላይ ወድቆ አንድ ምት ተኩል ያህል ይሳባል። ከዚያ «እስኪነ» በግማሽ በግማሽ ምት ይሄድና «ጋ» በሦስተኛው ባር መግቢያ ላይ፣ ኮርዱ ከሚቀየርበትና ቤዙ ከሚመታበት ጋር ይገጥማል።

አንዲት ድምፃዊት ይህን ስትዘፍን ከ«ጣ» እስከ «ጋ» ሁሉንም 80 ሚሊ ሰከንድ አዘገየችው እንበል። አዲሱ ኮርድ ይመታል፣ ቤዙ ይመታል፣ «ጋ» ከኋላቸው ይደርሳል። የተበላሸው ይኸው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረው መዘግየት ጥሩ ነበር። «ጋሼ፣ እንግዲህ ሁሉንም ወደ ምቱ ልመልሰው?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ አይደለም ነው። «ጣና ዳር» 60 ያህል ይዘግይ፣ «ቆሜ» 70፣ «ጠበቅሁሽ» እስከ 90 ይሂድ። «እስኪ» ላይ ወደ 40 ይውረድ፣ «ጋ» ከኮርዱ ጋር እኩል ይረፍ።

ታዲያ የጠፋው ጊዜ ከየት ይመለሳል? ከሚሳበው ቃል ነው። «ሁሽ» አንድ ሰከንድ ከሩብ ያህል የሚቆይ ድምፅ ስለሆነ ከጭራው 50 ሚሊ ሰከንድ ቢቆረጥለት ማንም አያስተውልም። ቀሪው 40 «እስኪነ» በሚባለው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይገባል። ብዙዎች የሚያበላሹት መሳቡን ሳይነኩ አጫጭሮቹን ቀለሞች በማሯሯጥ ነው። ያኔ «እስኪነጋ» ተጨፍልቆ ይወጣል፤ መሃል ላይ መቸኮል ከተሰማ ደግሞ ዘና ማለት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ሐረግ ላይ ከመዝፈናችሁ በፊት ሁለት ነገር ምልክት አድርጉ፦ በሰዓቱ መድረስ ያለበት ቃል የቱ ነው? ጊዜ የሚበደርለት ረጅም ቃልስ የቱ ነው? ረጅም ቃል የሌለው ስንኝ ከሆነ ብዙ አታዘግዩት፤ የሚመለስበት ቦታ የለም።

ለመለማመድ ክሊኩን ክፈቱና ስንኙን ሳትዘፍኑ ተናገሩት፤ እግር ምቱን ይያዝ። አፍ ሲዘገይ እግርም አብሮ ከዘገየ ቴምፖው እየወረደ እንጂ ሐረጉ እየተቀመጠ አይደለም። ቀጥሎ «ጋ» ላይ ብቻ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ክሊኩን ሲሸፍነው መድረሻው ተይዟል፤ ከዚያ ወዲያ መነሻውን እንደፈለጋችሁ ማላላት ትችላላችሁ።

ትንፋሽም አለ። ከስንኙ በፊት ትንፋሹን ዘግይቶ የሚስብ ሰው ቃሉን የሚያዘገየው ወዶ ሳይሆን ሳይደርስ ቀርቶ ነው፤ በማይኩም ጥድፊያው ይሰማል። ትንፋሹ ከስንኙ በፊት ባለው አራተኛ ምት ላይ በሰዓቱ ይሳብ፣ ከዚያ ለአፍታ ይቆይ፣ ቃሉ ይለቀቅ።

ችግር፦ ከባንድ ጋር ሲሆን ዘፈኑ ተጀምሮ እስኪያልቅ እየዘገመ ይሄዳል

ልምምዱን ቅዱና ቴምፖውን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ለኩ። በ70 ተነስቶ በ65 ካለቀ ጥፋቱ የዘፋኙ አይደለም፤ ኪቦርዲስቱ እየጠበቀው ነው። ባሕር ዳር ሆቴሎች ውስጥ ለብቻቸው ከኪቦርድ ጋር ሲሠሩ የኖሩ ጥንዶች ላይ ይህ ይበዛል፤ ለዓመታት ዘፋኙን መከተል የደግ አጃቢ ሥራ ነበርና። አዝማሪው ዘንድማ ነገሩ ይበልጥ ቀላል ነው፤ ማሲንቆውም ድምፁም በአንድ ሰው እጅ ስለሆኑ ቢቆይ አብረው ይቆያሉ። ስሎው ፖፕ ላይ ግን ዘፋኙ የሚያዘግየው ከማይጠብቀው ነገር አንፃር ነው፤ አጃቢው ከጠበቀው መዘግየቱ ይጠፋና ቴምፖው ብቻ ይወርዳል። የጃዝ ዘፋኟ ቢሊ ሆሊዴይ ከምቱ ኋላ ስትንሸራሸር ከሥሯ ያለው ባንድ ምቱን አይለቅም ነበር። ሞዛርትም እ.ኤ.አ. በ1777 ለአባቱ ሲጽፍ፣ በአዝጋሚ ሙዚቃ ቀኝ እጁ ጊዜውን ሲያላላ ግራ እጁ ምንም እንደማያውቅ ሆኖ መቀጠሉ ሰዎችን እንዳስገረማቸው ነግሮታል።

መፍትሄው ኪቦርዲስቱ ዓይኑን ከዘፋኙ አንስቶ ድራመሩ ላይ ማድረግ ነው። በልምምድ የዘፋኙን ድምፅ ከሞኒተሩ አጥፉበትና ሙሉ ዘፈኑን እንዲጫወት አድርጉ። ድራም ከሌለ ግራ እጁ የክሊኩ ሎሌ ይሁን።

ችግር፦ ዘፋኙ በደንብ አዘግይቷል፣ ግን ምንም አይሰማም

ቅንብሩን ስሙ። ከሥር ያለው እንደ ጭጋግ የተዘረጋ ፓድና ረጅም ሪቨርብ ብቻ ከሆነ ጆሮ ምቱን አያገኘውም፤ ምቱ ካልታወቀ ደግሞ ከምቱ ኋላ መሆን አይታወቅም። ፒያኖው በየምቱ ኮርዱን እንዲነካ አድርጉ፣ ወይም ሁለተኛና አራተኛው ምት ላይ የስኔሩን ጠርዝ ለስለስ አድርጋችሁ አስገቡ። የድምፁ ሪቨርብ ላይ ቅድመ መዘግየቱን፣ ማለትም ሪቨርቡ ከመነሳቱ በፊት ያለውን ክፍተት፣ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሰከንድ ብታደርጉት የቃሉ መነሻ ከጭራው ተለይቶ ይወጣል።

ችግር፦ ስክሪኑ ላይ ያለውና ጆሮ የሚሰማው አይገጥሙም

ቃሉ ምት ላይ ወደቀ የምንለው አናባቢው ሲከፈት ነው፤ ሞገዱ የጀመረበት ቦታ አይደለም። «ሰማይ» ስንል የ«ሰ» ፉጨት ከአናባቢው 100 ሚሊ ሰከንድ ያህል ቀድሞ ሊታይ ይችላል። በዓይን ተመርቶ የሞገዱን ጫፍ መስመሩ ላይ ያሰለፈ አዲተር እንዲህ ያለውን ቃል ሳያስበው ያዘገየዋል። «ጣ» ግን አጭር ፍንዳታ ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ አንዱን ቃል ከሌላው ስታነጻጽሩ አናባቢውን ከአናባቢ ጋር አስተያዩ።

«ጠበቅሁሽ» ውስጥ «በ» ጠብቆ ስለሚነገር ስክሪኑ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ የሚመስል ይታያል። ያ ባዶ አይደለም፣ ከንፈር የተዘጋበት ጊዜ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ከተቆረጠ ቃሉ ላልቶ ይወጣል።

ችግር፦ ለብቻው ጥሩ የነበረው ድምፅ ድርቡ ሲገባ ይደበዝዛል

ዘፋኙ ያንኑ ዜማ በላዩ ላይ ደግሞ ለቀዳው ድርብ ሌላ መዘግየት ፈጥሮለታል። ድርቡን ዋናውን እየሰማ፣ ስንኝ በስንኝ ይቅዳ፤ የሁለቱ የቃል መነሻ ከ20 እና 30 ሚሊ ሰከንድ በላይ አይራራቅ። የአዝማቹን ተቀባዮች ግን እኔ ምቱ ላይ እተዋቸዋለሁ። የቃላቸው መጨረሻ ላይ ያለውን «ስ» እና «ሽ» ከዋናው ጋር እንዳይጋጭ ዝቅ አድርጌ፣ ካልሆነም አጥፍቼ አልፋለሁ።