የሌሊት 6 ሰዓቱ ስፕሬድ

በደሴና በኮምቦልቻ ከሥራ መልስ በስልካችሁ የውጭ ምንዛሪ የምትገበያዩ ሁሉ፣ የሽያጭ ንግድ ክፍት ትታችሁ ከመተኛታችሁ በፊት የኒውዮርክን መዝጊያ አስታውሱ። ይህም በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መግቢያ ገደማ ወደ 7 ሰዓት ይሸጋገራል፤ ሰዓታቸውን የሚያዛውሩት እነርሱ እንጂ እኛ አይደለንም።

በዚያን ጊዜ ለንደን ከዘጋ ቆይቷል፣ ቶኪዮም ገና አልገባም፤ ዋጋ የሚያቀርቡ ባንኮች ስለሚያንሱ የቀሩት ስጋታቸውን ለመሸፈን በመሸጫና በመግዣ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት፣ ማለትም ስፕሬዱን፣ ያሰፋሉ።

ለምሳሌ ዩሮን በ1.1000 ዶላር ሸጣችሁ ስቶፕ ሎሱን 1.1010 ላይ አስቀመጣችሁ እንበል። ለንደንና ኒውዮርክ አብረው በሚሠሩበት በ11 ሰዓት ገደማ ስፕሬዱ 1 ፒፕ ቢሆን፣ መልሳችሁ የምትገዙበት ዋጋ 1.1001 ነው። ሌሊት ስፕሬዱ ወደ 12 ፒፕ ቢሰፋ ግን ይኸው ዋጋ 1.1012 ይደርስና፣ ቻርቱ ከ1.1000 ሳይነቃነቅ ንግዱ በኪሳራ ይዘጋል። ቻርቱ በአብዛኛው የሚያሳየው የምትሸጡበትን ዋጋ ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት ሲታይ ደላላው ያጭበረበረ ይመስላል። ስለዚህ በሜታትሬደር ቅንብር ውስጥ የአስክ ዋጋ መስመርን አብሩና ልዩነቱን በዚያ ሰዓት አንድ ሌሊት ተመልከቱ፤ ስቶፓችሁ ከዚያ ስፋት የሚጠብብ ከሆነ ንግዱን ቀድሞ መዝጋት ይሻላል።