የደረጃ ኮንክሪት ስንት ሜትር ኩብ ይፈጃል? ከዘንባላው ሶሌታ እስከ መጨረሻው እርከን

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሚክሰሩ እየዞረ፣ ሠራተኞቹ በባሬላ እያቀበሉ፣ የቤቴ ደረጃ ተሞልቶ ሊያልቅ ሦስት እርከን ብቻ ሲቀረው የመጨረሻው ከረጢት ሲሚንቶ ተቀደደ። ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። 13 ከረጢት ይበቃል ብዬ ገዛሁ፤ የሚያስፈልገው 15 ነበር። በአቅራቢያችን ያለው ሱቅ ተዘግቶ ስለነበር የቀረው ሰኞ ተሞላ። መጋጠሚያው ላይ ከሥር በኩል ቀጭን ስንጥቅ ወጣ፤ ልስኑን ሁለት ጊዜ ብናሳድሰውም እዚያው ቦታ እየተመለሰ ይታያል።

በዋናነት የተሳሳትኩት አንድ ቁጥር ላይ ነው። እሱን በደንብ ለማሳየት ያንኑ ደረጃ ከመጀመሪያው ጀምሬ አሰላዋለሁ። እርስዎ በቁጥሮቹ ቦታ የራስዎን ያስገቡ።

1. ልኮቹን ይያዙ

ቤቱ ጂ+1 ነው። ከታችኛው ወለል እስከ ላይኛው 3.06 ሜትር አለው። ይህ ለ18 ሲካፈል የእያንዳንዱ እርከን ከፍታ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ደረጃው መሐል ላይ ማረፊያ ስላለው ለሁለት ተከፍሏል፤ በታችኛው ክፍል 9 ከፍታ፣ በላይኛውም 9 ከፍታ። መርገጫው 30 ሳንቲ ሜትር፣ የደረጃው ስፋት 1.20 ሜትር፣ ከእርከኖቹ ሥር ያለው ዘንባላ ሶሌታ ውፍረት 15 ሳንቲ ሜትር ነው።

ልኮቹን ከስትራክቸር ፕላኑ ላይ ይውሰዱ። የአርክቴክቸር ፕላኑ የእብነ በረዱንና የሥሩን ሞርታር ውፍረት ጨምሮ የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ ያ ደግሞ ኮንክሪት አይደለም።

2. እርከኖቹን ይቁጠሩ

ከፍታው 9 ከሆነ መርገጫው 8 ነው። ዘጠነኛውን ሲወጡ እግርዎ የሚያርፈው ማረፊያው ላይ ነው፣ ማረፊያው ደግሞ ለብቻው ይሰላል። ስለዚህ በሁለቱ ክፍሎች ያሉት እርከኖች 16 ናቸው እንጂ 18 አይደሉም።

እያንዳንዱ እርከን ከጎኑ ሲታይ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ከፍታው በመርገጫው ተባዝቶ ለሁለት ይካፈላል፣ ከዚያ በስፋቱ ይባዛል።

```
0.17 × 0.30 ÷ 2 × 1.20 = 0.0306
16 × 0.0306 = 0.49 ሜትር ኩብ
```

3. ዘንባላው ሶሌታ

እኔን የጣለኝ እዚህ ነው። የአንዱን ክፍል ርዝመት ለማግኘት 8 መርገጫን በ30 ሳንቲ ሜትር አባዛሁና 2.40 ሜትር አልኩ። ያንን በ1.20 ስፋትና በ0.15 ውፍረት አባዝቼ ወደ ማረፊያው አለፍኩ። 2.40 ግን ደረጃው መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ ርዝመት ነው። ሶሌታው ራሱ ሽቅብ ስለሚወጣ ከጥላው ይረዝማል።

ትክክለኛውን ርዝመት ለማግኘት መጀመሪያ አንድ እርከን ብቻ ይውሰዱ። መርገጫው ከሚቀጥለው ከፍታ ጋር ከሚገናኝበት ውስጠኛ ማዕዘን እስከሚቀጥለው ውስጠኛ ማዕዘን ያለው የዘመመ ርቀት፣ የከፍታው ካሬ እና የመርገጫው ካሬ ተደምረው በካልኩሌተሩ የ√ ምልክት የሚገኘው ነው።

```
√(0.17² + 0.30²) = 0.345 ሜትር
8 × 0.345 = 2.76 ሜትር
```

በ2.40 እና በ2.76 መካከል ያለው ልዩነት 15 በመቶ ነው። ደረጃው ይበልጥ ቀጥ ባለ ቁጥር ልዩነቱም ያድጋል። የአንዱ ክፍል ሶሌታ እንግዲህ፦

```
2.76 × 1.20 × 0.15 = 0.497
ሁለቱ ክፍሎች = 0.99 ሜትር ኩብ
```

በእኔ ስሌት ሁለቱ ክፍሎች 0.86 ብቻ ነበሩ።

ርዝመቱን ካስተካከሉ በኋላ ውፍረቱን ከየት ወደ የት እንደሚለኩ ማወቅ አለብዎት። ፕላኑ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ተብሎ የተጻፈው ሶሌታው ላይ በዘጠና ዲግሪ ሲለካ ነው። ከውስጠኛው ማዕዘን ሜትሩን ቀጥ አድርገው ወደ መሬት ቢያወርዱት ይኸው ሶሌታ 17.2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለቱም ልኮች እውነት ናቸው፤ ጥንዳቸው ግን ይለያያል። የዘመመ ርዝመት ከዘጠና ዲግሪው ውፍረት ጋር ይሄዳል፤ አግድም ርዝመት ወደ ታች ከተለካው ውፍረት ጋር ይሄዳል።

```
2.76 × 0.15  = 0.414
2.40 × 0.172 = 0.413
```

ውጤቱ አንድ ነው። እኔ 2.40ን ከ0.15 ጋር አጋባሁ፤ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ የጎደለኝ በዚህና የብክነት መጠባበቂያ ባለመያዜ ነው።

ይህ መለያየት ከወረቀቱ ይልቅ ካሳፎርማው ላይ የበለጠ ያሰጋኛል። አናጢው የጎን ጣውላው ላይ እርከኖቹን ሲያሰምር ሜትሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይዞ 15 ከለካ፣ የሚሞላው ሶሌታ በእውነቱ 13 ሳንቲ ሜትር ነው የሚሆነው። መሐንዲሱ ፌሮውን ያሰላው ለ15 ነው። ከውጭ ሲታይ ምንም አይለይም። የሚያስታውቀው ሙሌቱ ሲያልቅ ነው፤ በደንብ ያሰሉት ኮንክሪት በአንድ ክፍል ስድስት ወይም ሰባት መቶኛ ሜትር ኩብ ይተርፋል። ደረጃ ላይ ኮንክሪት ሲተርፍ ደስ አይበልዎት፣ መጀመሪያ ውፍረቱን ይጠርጥሩ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፌሮው ከመዘርጋቱ በፊት በውስጠኛዎቹ ማዕዘኖች ላይ ከታች እስከ ላይ ሲባጎ ይወጥሩ። ከዚያ ስኳድራውን የካሳፎርማው ወለል ላይ አቁመው እስከ ሲባጎው ያለውን ይለኩ። ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ሦስት ቦታ ይለኩ፤ እኔ መሐሉ ላይ ወለሉ ሰርጎ ከሁለቱ ጫፎች ለየት ሲል አይቻለሁ። ሜትር ብቻ ይዞ በዓይን ዘጠና ዲግሪ መገመት አይሆንም፣ ስኳድራ ይያዙ።

4. ማረፊያውና የተደበቀው ሽብልቅ

በሁለቱ ክፍሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ስላለ ማረፊያው 2.50 በ1.20 ነው፤ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር።

```
2.50 × 1.20 × 0.15 = 0.45 ሜትር ኩብ
```

ብዙ ሰው የሚዘለው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። የታችኛው ክፍል ሽቅብ መጥቶ ማረፊያው ላይ ሲደርስ፣ የሶሌታው የሥር ገጽ ማረፊያው ጫፍ ላይ አይቆምም። የማረፊያውን ጠፍጣፋ ሥር እስኪያገኝ ድረስ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚህ ደረጃ 34 ሳንቲ ሜትር ይገባል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ 19 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። በመሐሉ ሽብልቅ የሚመስል ሦስት ማዕዘን ይቀራል፤ ይህ በሶሌታውም በማረፊያውም ውስጥ አልተቆጠረም።

```
0.34 × 0.19 ÷ 2 × 1.20 = 0.04 ሜትር ኩብ
```

ትንሽ ይመስላል፤ ከአንድ ሙሉ እርከን ግን ይበልጣል። በቀመር ከመፈለግ ካሳፎርማው ከተሠራ በኋላ ከሥሩ ገብቶ በሜትር መለካት ይቀላል። የላይኛው ክፍል ከማረፊያው ሲነሳ ሁለቱ የሥር ገጾች ከሞላ ጎደል ስለሚገናኙ እዚያ የሚደመር የለም። የላይኛው ጫፍ የሚገባው ወለሉን የተሸከመው ቢም ውስጥ ነው፤ ቢሙ ከወለሉ ሶሌታ ጋር ስለሚሰላ እዚህ ደግመው አይቁጠሩት። ከመጀመሪያው እርከን ሥር ያለውንም መሠረት እንዲሁ ለብቻው ያስሉት።

5. ድምሩ

```
እርከኖች       0.49
ዘንባላ ሶሌታ     0.99
ማረፊያ        0.45
ሽብልቅ        0.04
ጠቅላላ        1.97 ሜትር ኩብ
```

ለፌሮው ተብሎ የሚቀነስ የለም።

ድምሩን ከማመንዎ በፊት በሌላ መንገድ ይፈትኑት። አንዱን ክፍል እንደ አንድ ጠፍጣፋ ወለል ያስቡት። ወደ ታች የተለካው የሶሌታ ውፍረት 17.2 ነው፤ በላዩ ያለው እርከን በአማካይ የከፍታውን ግማሽ ማለትም 8.5 ይጨምራል። አማካዩ 25.7 ሳንቲ ሜትር ሆነ።

```
2.40 × 1.20 × 0.257 = 0.74
```

ከላይ በዝርዝር ያገኘነው 0.497 ሲደመር 0.245 ነው፤ እሱም 0.74። ይህን አቋራጭ እወደዋለሁ፣ ከሲባጎና ከሜትር ሌላ ምንም ሳይዝ ሳይቱ ላይ የሚሠራ ነው። የቤቱ ደረጃ ዙር ከሆነና እርከኖቹ በአንድ ወገን የሚጠብቡ ከሆነ ግን አይሠራም።

6. ከሜትር ኩብ ወደ ከረጢት

ሚክሰሩ ውስጥ ለሚቀረው፣ ከባሬላ ለሚፈሰውና በጣውላ ክፍተት ለሚያመልጠው 5 በመቶ ይጨምሩ፤ 2.07 ሜትር ኩብ ይሆናል። ፕላኑ ሲ-25 የሚል ከሆነና የሥራ ዝርዝሩ ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ካዘዘ፦

```
2.07 × 360 = 745 ኪሎ
745 ÷ 50 = 14.9 ከረጢት
```

15 ከረጢት፣ ማለትም 7 ኩንታል ተኩል። አሸዋና ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ሳይቱ ላይ ስለሚተርፍ የሚያስቆመው ሲሚንቶው ነው። እኔ አሁን ሁለት ከረጢት ጨምሬ አስቀምጣለሁ፣ ካልተከፈተ ለልስኑ ይሆናል።

ሙሌቱ ከታች ወደ ላይ ስለሚሄድ የሚጎድለው ሁልጊዜ የላይኛው ጫፍ ነው። የት ቢቆም እንደሚሻል ሥራው ከመጀመሩ በፊት መሐንዲሱን ይጠይቁና ቦታውን ጣውላው ላይ ምልክት ያድርጉበት። ኮንክሪቱ ካነሰ እዚያ ቦታ ላይ፣ ሶሌታውን በዘጠና ዲግሪ የሚያቋርጥ ጣውላ አቁመው ይዝጉ። የእኛ ሰዎች ያለቀበት ቦታ ላይ በማንኪያ አሹልከው ተዉት፤ ሰኞ አዲሱ የተሞላው በዚያ በሳሳ ጫፍ ላይ ነበር። ጣውላው ሲነሳ የቆመውን ፊት በመሮ ያሻክሩ፣ አቧራውን ያጥቡ፣ እርጥብ እንደሆነ ሙሌቱን ይቀጥሉ።