ሴራሚኩ ያንሸራትታል? ካርቶኑን ያንብቡት

የመታጠቢያ ቤት ወለል ሲያንሸራትት አብዛኛው ሰው ሮጦ የሚገዛው የላስቲክ ምንጣፍ ነው። ምንጣፉ ለጊዜው ያግዛል። ቆይቶ ሥሩ ይሻግታል፣ ከዚያ ራሱ መንሸራተት ይጀምራል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው። ወይ ሴራሚኩ ላይ ሳሙና ተጋግሯል፣ ወይ ሴራሚኩ ከመነሻው ለእርጥብ ቦታ አልተሠራም፣ ወይ ውሃው የሚሄድበት አጥቶ ተኝቷል። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ወለል ማስነሳት ብር መበተን ነው።

ምልክት፦ ሲገባ ደህና ነበር፣ አሁን ያንሸራትታል

እንዲህ ከሆነ ሴራሚኩን ለመውቀስ አይቸኩሉ። ሳሙና በውሃ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነጣ ያለ ዝቃጭ ይሠራል። የጉድጓድ ውሃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ይብሳል። ዝቃጩ የሴራሚኩን ጥቃቅን ሸካራ ጉድጓዶች ቀስ በቀስ ይሞላል። እግር የሚይዘው ደግሞ ያ ሸካራነት ነበር። ወለሉን በሰም ወይም በማንጸባረቂያ ፈሳሽ የሚወለውሉ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው።

ለማረጋገጥ ሙሉ ወለሉን ማጠብ አያስፈልግም። ሻወር ሥር ካሉት አንድ ሴራሚክ ብቻ ይምረጡ። አቼቶና ሙቅ ውሃ እኩል ቀላቅለው ያፍስሱበት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ጠንከር ባለ የፕላስቲክ ብሩሽ ፈግፍገው በብዙ ውሃ ያለቅልቁት። አሁን ሁለቱንም አርጥበው፣ ግድግዳ ይዘው፣ በባዶ እግር የታጠበውንና ጎረቤቱን ያወዳድሩ። የታጠበው ቢይዝና ጎረቤቱ ቢያንሸራትት መልሱን አገኙ፤ ቀሪውንም እንዲሁ ይጠቡና በየጊዜው ይድገሙት።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። አቼቶና በረኪና ፈጽሞ አይገናኙ፤ ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ አደገኛ ነው። ወለሉ እብነ በረድ ከሆነም አቼቶ አይንካው፣ አሲዱ ድንጋዩን ይበላዋል።

ምልክት፦ ከገባበት ቀን ጀምሮ ያንሸራትታል

እዚህ ጋ ጥፋቱ የምርጫ ነው። አንዳንዴ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሳሎን የሚያብረቀርቅ ፖርሰሊን ሻወር ውስጥ ገብቷል፣ ወይም የግድግዳ ሴራሚክ ወለል ላይ ተነጥፏል። ሰውን የሚያታልለው ግን ሌላ ነው። ካርቶኑ ላይ የማያንሸራትት የሚል ነገር አለ፣ ቁጥርም ተጽፏል፣ ወለሉ ግን እንደ በረዶ ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በብዛት የምናየው የእንግሊዝኛው አር ፊደልና ከ9 እስከ 13 ያለ ቁጥር ነው። ይህ ዲን 51130 ከሚባለው የጀርመን መለኪያ የመጣ ነው። ሴራሚኩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘነብል መድረክ ላይ ይነጠፋል፣ የሞተር ዘይት ይቀባል። ከዚያ አንድ ሰው የሥራ ቦት ጫማ አድርጎ፣ እንዳይወድቅ በቀበቶ ተይዞ፣ ላዩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይራመዳል። መድረኩ ቀስ እያለ ይዘነብላል። ሰውየው መንሸራተት የሚጀምርበት አንግል ደረጃውን ይወስናል። ከ6 እስከ 10 ዲግሪ አር 9 ነው። ከ10 በላይ እስከ 19 አር 10፣ ከ19 በላይ እስከ 27 ደግሞ አር 11 ይባላል።

ልብ ይበሉ፣ አር 9 የዝርዝሩ የመጨረሻ እርከን ነው። ከዘጠኝ በታች ያለ ደረጃ የለም። ስለዚህ “ይሄማ ዘጠኝ አምጥቷል” የሚለውን የሻጭ ወሬ ከአሥር ዘጠኝ እንደማግኘት አይስሙት።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጣል። ይህ ሙከራ በጫማና በዘይት የሚደረግ ነው። ወጥ ቤት ለሚሠሩና ጋራዥ ለሚውሉ ሰዎች የታሰበ ነው። ሻወር የሚገባ ሰው ባዶ እግሩን ነው፣ ከእግሩ ሥር ያለውም የሳሙና ውሃ ነው። ለዚህ የተለየ ሙከራ አለ፤ ዲን 51097 ይባላል። መድረኩ ያው ነው፣ ግን ሰውየው በባዶ እግሩ ይራመዳል፣ የሚፈሰውም ሳሙና ያለበት ውሃ ነው። ውጤቱ በፊደል ይገለጻል። 12 ዲግሪ ኤ፣ 18 ዲግሪ ቢ፣ 24 ዲግሪ ደግሞ ሲ ያሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአውሮፓ መለኪያ ኢኤን 16165 ሁለቱንም ሙከራዎች አንድ ላይ ስላካተተ፣ አዳዲስ ካታሎጎች ላይ ይህን ስም ያገኛሉ። ፊደሎቹ ግን አሁንም በሥራ ላይ ናቸው።

አንዱን ደረጃ ወደ ሌላው መመንዘር አይቻልም። የቦት ጫማ ሶልና የእግር ቆዳ አያያዛቸው ይለያያል። ሁለት አር 10 ሴራሚኮች በባዶ እግር ሲፈተኑ አንዱ ኤ፣ ሌላው ቢ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ለሻወር ዋናው ጥያቄ “የባዶ እግር ደረጃው ስንት ነው?” የሚለው ነው።

እኔ የምመክረው ለሻወርና ውሃ ለሚደርስበት ወለል በሙሉ ቢ ነው። ብዙ ቤታችን ሻወሩን የሚለይ መስታወትም መጋረጃም ስለሌለው ይህ ማለት ሙሉ ክፍሉ ነው። ሲ የሚያስፈልገው ወደ ውሃ የሚወርድ ደረጃ ወይም ዘንባላ መሬት ካለ ነው፤ ሚዛናቸው የደከመ አረጋዊ ቤት ውስጥ ካሉም ሻወሩ ሥር ቢገባ አልቃወምም። አር 12ና 13 ግን ለመኖሪያ ቤት አይሆኑም። የእግር ቆዳ ይልጣሉ፣ ቆሻሻ ይይዛሉ፣ መወልወያውም አይሄድባቸውም።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች የሚያጋጥማችሁ ዲሲኦኤፍ የሚባለው የሰበቃ መለኪያ ቁጥር ነው። ሲረጥብ ለሚረገጥ ደልዳላ የቤት ውስጥ ወለል ዝቅተኛው 0.42 ነው። እሱም የሚለካው በላስቲክ እንጂ በቆዳ ስላልሆነ፣ ሻወር ውስጥ 0.42 ላይ የደረሰ ሁሉ ይበቃል ብላችሁ አትደምድሙ።

ካርቶኑ ላይ ምንም ካልተጻፈስ?

ይህ እኛ አገር ብርቅ አይደለም። ሻጩ “እህቴ፣ ማት ነው፣ አያንሸራትትም” ይላል። ማት ማለት አያብረቀርቅም ማለት ብቻ ነው። ሲዳስሱት እንደ ወረቀት የሚለሰልስ ማት ሴራሚክ ሞልቷል፣ ውሃ ሲነካው ከሚያብረቀርቀው ብዙም አይሻልም።

መጀመሪያ የፋብሪካውን ካታሎግ ወይም የሙከራ ወረቀት ይጠይቁ። ከሌለ ከሚያስቧቸው ሁለት ሦስት ዓይነቶች አንዳንድ ፍሬ ገዝተው ቤት ይውሰዱ። ደልዳላ ቦታ አስቀምጠው፣ ውሃና ጠብታ የፈሳሽ ሳሙና ጨምረው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ባዶ ተረከዝዎን ጫን አድርገው ወደፊት ይግፉ። ቤት ያለውን የሚያንሸራትተውንም አብረው ቢሞክሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ይህ የትኛው እንደሚሻል ይነግራል እንጂ ቢ ወይም ሲ ብሎ አይመድብም። ጣት አይበቃም፤ ጣት ቀላል ነው፣ ክብደት የለውም።

ምልክት፦ አንዱ ቦታ ላይ ብቻ ያንሸራትታል

ሻወር ከተወሰደ ከአንድ ሰዓት በኋላም ውሃ ተኝቶ የሚያገኙት እዚያው ቦታ ከሆነ ችግሩ ተዳፋቱ ነው። ወለሉ ወደ ውሃ መውረጃው በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ውሃ ልክ ይዘው ይለኩ፣ ካልሆነም አንድ ባልዲ ውሃ ደፍተው ወዴት እንደሚሄድ ይዩ።

ትልቅ ሴራሚክ እዚህ ያስቸግራል። 60 በ60 የሆነ ጠፍጣፋ ነገር ወደ አንድ ጉድጓድ ከአራት አቅጣጫ ሊያዘነብል አይችልም። ሠራተኛው ወይ በሰያፍ ይቆርጠዋል፣ ወይ ተዳፋቱን ይተወዋል። ብዙውን ጊዜ ይተወዋል። ትንንሽ ሴራሚክ ተዳፋቱን ይከተላል፤ የመገጣጠሚያው ግራውትም ስለሚበዛ እግር ተጨማሪ የሚይዘው ያገኛል። በወረቀት ወይም በመረብ ተለጥፎ የሚመጣው 5 በ5 ሞዛይክ ለሻወር የሚወደደው ለዚህ ነው።

አንድ ቤት እንውሰድ

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ መታጠቢያ ቤቱ 1.5 በ2 ሜትር። ወለሉ 60 በ60 የሚያብረቀርቅ ፖርሰሊን፣ ካርቶኑ አር 9 ይላል፣ የባዶ እግር ደረጃ የለውም። ሻወሩ አልተከለለም። በቅርቡ አያት ቤቱ ገብተዋል። አንድ ሴራሚክ በአቼቶ ታጥቦ ተሞከረ፣ ለውጥ የለም። በሩ አጠገብ ውሃ ይተኛል። እንግዲህ ሁለት ችግር አለ፣ ገጹም ተዳፋቱም።

አሮጌው ላይ በኮላ መደረብ ርካሽ ይመስላል። ግን ወለሉ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ በሩ ይይዛል፣ የጠፋው ተዳፋትም እንደጠፋ ይቀራል። ስለዚህ ይነሳል። አዲሱ ልስን ከሩቁ ግድግዳ እስከ መውረጃው ባለው 1.6 ሜትር ውስጥ 2.4 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ ይሠራል። ቀጥሎ የውሃ መከላከያ ቅብ ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ ግድግዳው ላይም ትንሽ ይወጣል። ሲደርቅ መውረጃው ተደፍኖ ውሃ ተሞልቶ አንድ ቀን ያድራል፤ ታች ያለው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ጠብታ ካልታየ ንጣፉ ይቀጥላል። ይህን የሚዘል ሠራተኛ ካጋጠመዎ ሥራውን ያስቁሙ።

ምርጫው 30 በ30፣ አር 10፣ ቢ ደረጃ ነው። ስፋቱ 3 ካሬ ሜትር፣ አንዱ ፍሬ 0.09 ካሬ ሜትር፣ ስለዚህ 34 ፍሬ ይበቃል። ለቁራጭና ለብልሽት አሥር በመቶ ሲጨመር 37 አካባቢ ነው። ትርፉ ይቀመጥ፤ ያው ዓይነት ከዓመት በኋላ ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል። ለአያት ደግሞ ከሻወሩ ጎን የብረት መያዣ ግድግዳው ላይ ይታሰር። ሴራሚክ ቢ ሆነም ሲ፣ አንድ እግሩን አንስቶ የሚታጠብ ሰው የሚይዘው ይፈልጋል።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ

ማስነሳት ካልተቻለ ሸካራ ፀረ-መንሸራተት ማጣበቂያ ቴፕ አለ። ለባዶ እግር የተሠራውን ይምረጡ፤ የደረጃ ላይ አሸዋማው ቴፕ እግር ይልጣል። ወለሉ ከሳሙና ጸድቶ በደንብ ካልደረቀ አይጣበቅም። ቴፑ በእርምጃ ውስጥ ቢያንስ አንዴ እንዲረገጥ ተቀራርቦ ይለጠፍ። ገጽን በአሲድ የሚያሸክር ፈሳሽም ይሸጣል። አንዳንዱ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ስላለበት ቆዳ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ቃጠሎ ያደርሳል፤ ውበቱንም ያጠፋል፣ መመለሻም የለውም። የሚሠራው ባለሙያ ይሁን፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ባለቤቱ ይፍቀድ።