ሹራቡ ሲጠብ፣ ነጩ ሲቀላ፣ ሱሪው ሲጨማደድ፦ የማሽን ውሃ ሙቀትን ከልብሱ ምልክት መምረጥ

በልብስ አንገት ወይም በጎን ስፌት ላይ ባለችው ትንሽ ጨርቅ ላይ ውሃ የያዘ ሳፋ ተስሎ ይገኛል። በሳፋው ውስጥ ያለው ቁጥር ልብሱ የሚችለው ከፍተኛው የውሃ ሙቀት ነው፣ በዲግሪ ሴንቲግሬድ። «በዚህ ይታጠብ» ሳይሆን «ከዚህ አይለፍ» እንደሚል አድርገው ያንብቡት። 60 የተጻፈበትን በ40 ማጠብ ይቻላል፤ 40 የተጻፈበትን በ60 ማጠብ ግን ልብሱን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ከአሜሪካ በመጣ ልብስ ላይ በቁጥሩ ፈንታ ነጥቦች ሊኖሩ ይችላሉ፦ አንድ ነጥብ 30፣ ሁለት 40፣ ሦስት 50፣ አራት ደግሞ 60 ዲግሪ ነው።

ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ ከሳፋው ሥር ያለውን መስመር ያልፈዋል። መስመር ከሌለ ልብሱ የተለመደውን የማሽን እንቅስቃሴ ይችላል። አንድ መስመር «ቀስ ብለህ አገላብጥ» ነው፣ ሁለት መስመር ደግሞ «እጅግ ቀስ ብለህ»። እጅ የገባበት ሳፋ በእጅ ብቻ፣ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ውሃ የሚታጠብ ማለት ነው። በኤክስ የተሰረዘ ሳፋ ውሃ አይነካም። ከዚህ በታች ካሉት ጉዳቶች አንዳንዶቹ የሚመጡት ቁጥሩ ሳይነበብ ቀርቶ ሳይሆን መስመሩ ስላልታየ ነው።

ጉዳት፦ የሱፍ ሹራቡ ጠቦ፣ ወፍሮና ደርቆ ወጣ

በመጀመሪያ በእርግጥ ሱፍ መሆኑን ያረጋግጡ። እኛ ዘንድ «ሱፍ» የሚባለው ሙሉ ልብስ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ የተማሪዎች የዩኒፎርም ሹራብም ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ ነው። መለያው ላይ «ዎል» የሚል ከሌለ ጉዳዩ ከታች ወደተጻፈው ወደ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሄዳል።

የበግ ፀጉር ክር በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ልጣጭ አለው። ሙቅ ውሃና ሳሙና ሲያገኘው ቅርፊቱ ይነሳል፤ ማሽኑ እያገላበጠ ሲያሸው ደግሞ ክሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ተንሸራተው እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ስለዚህ ሙቀቱ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። ሹራብን በ30 ዲግሪ በኮተን ፕሮግራም ማጠብ፣ በ40 ዲግሪ ውሃ ሳያሹ ከመዘፍዘፍ የበለጠ ይጎዳዋል። በሱፍ ሳፋ ሥር ሁለት መስመር የሚሰመረውም ለዚህ ነው። በሙቅ ውሃ አጥቦ በቀዝቃዛ ማለቅለቅም መጥበቡን ያፋጥናል።

ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ሹራቡን ወደ ብርሃን ያንሱና የሹራቡን ዓይኖች ይመልከቱ። ዓይኖቹ አሁንም ተለይተው ከታዩ መቀነሱ በከፊል ይስተካከላል፦ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሁለት ማንኪያ የፀጉር ኮንዲሽነር አሟሙተው ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ያስመጡ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከመሃል ወደ ዳር በቀስታ እየሳቡ ልክ በሚሆነው ሌላ ሹራብ እየለኩ ያድርቁት። ዓይኖቹ ጠፍተው አንድ ወፍራም ጨርቅ ከሆኑ ግን የሚመልሰው ነገር የለም። በእንፋሎት ብዙ መጎተት ቅርጹን ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም።

ለሚቀጥለው ጊዜ የማሽኑን የሱፍ ፕሮግራም በ30 ዲግሪ ወይም በቀዝቃዛ ይምረጡ። ሰባት ኪሎ በሚይዝ ማሽን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ሱፍ አያስገቡ፤ መጭመቂያው በደቂቃ ከ600 ዙር አይብለጥ። በሳሙናም በኩል ተራ ዱቄት ሳሙና ሱፍን ይጎዳል፤ አልካሊው ቅርፊቱን ያነሳል፣ የደምና የምግብ እድፍ የሚያስለቅቀው ኢንዛይምም ሱፉ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ለሱፍና ለሐር ተብሎ የተሠራ ፈሳሽ ሳሙና ያስፈልጋል። በረኪና ጨርሶ አያስጠጉ።

ጉዳት፦ ነጩ ጥጥ ቀላ፣ ወይም እያደር አመድማ ሆነ

ሁለቱ ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ ምክንያታቸው ተቃራኒ ነው። የቀላው የውሃው ሙቀት አብሮት ለታጠበው ባለቀለም ልብስ ስለበዛበት ነው፤ አመድማ የሆነው ግን የውሃው ሙቀት ለእሱ ስላነሰው ነው።

ጥጥ ራሱ ጠንካራ ነው፣ ነጭ አንሶላ እስከ 95 ዲግሪ የሚል ምልክት ሊኖረው ይችላል። የማይችለው በአጠገቡ ያለው አዲስ ቀይ ወይም ጥቁር ልብስ ነው፤ ሳይጣበቅ የቀረ ቀለም ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ይለቅና ነጩ ይጠጣዋል። ይህ ሲደርስ ነጩን አያድርቁት፣ አይተኩሱት፤ ደረቅ ሙቀት ቀለሙን ያጸናዋል። እንደረጠበ ብቻውን፣ ምልክቱ በሚፈቅደው ከፍተኛ ሙቀት ኦክስጅን ማንጫ ባለው ዱቄት ደግመው ይጠቡት። ከዚህ በኋላ ካልለቀቀ የሦስት ማዕዘኑን ምልክት ያንብቡ። ባዶ ከሆነ በረኪና ይችላል። በውስጡ ሁለት ሰያፍ መስመሮች ካሉ የኦክስጅኑን ብቻ ይችላል። ከተሰረዘ ምንም ማንጫ አይነካውም። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

አዲስ ባለቀለም ልብስ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ቀላል ነው፦ በማይታይ ጠርዙ ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገው ጥቂት ጊዜ ይሹት። ነጩ ጨርቅ ከቀለመ ልብሱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻውን በቀዝቃዛ ይታጠባል።

አመድማነት የሚመጣው አንሶላ፣ ፎጣና የውስጥ ልብስ ሁልጊዜ በ30 ዲግሪ ሲታጠቡ ነው። የሰውነት ቅባት በዚያ ሙቀት በደንብ አይለቅም፤ ቀሪው ቆሻሻና የሳሙና ዝቃጭ በክሩ ላይ ይከማቻል። ምልክቱ 60 ካለ በ60 ያጥቧቸው። ማሽኑ ላይ «ኢኮ 60» የሚል ካለ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ብዙ ጊዜ ከ60 በታች ሞቆ ረዘም ላለ ሰዓት ያጥባል፤ የታመመ ሰው አንሶላ ከሆነ ተራውን የኮተን 60 ይምረጡ። ማሽኑም ራሱ ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ከሠራ ይሸታል፣ በወር አንዴ ባዶውን በ60 ወይም በ90 ዲግሪ ማዞር ሽታውን ያጠፋል።

ጉዳት፦ የፖሊስተሩ ሱሪ በተኩስ የማይወጣ መጨማደድ ያዘ፤ የአክሪሊኩ ሹራብ ተለጠጠ

ሰው ሠራሽ ክር ከፕላስቲክ ወገን ነው። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርጽ ይረጋል። ሱሪው በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ከብዙ ልብስ ጋር ተጨናንቆ ከተጨመቀ መጨማደዱ በዚያው ይረጋል። የሲንቴቲክ ፕሮግራም ከኮተን የሚለየው ልብሱን በብዙ ውሃ ውስጥ ያዝ አድርጎ፣ ከመጭመቁ በፊት ውሃውን ቀስ በቀስ በማቀዝቀዙ ነው። ለዚህም ከበሮው ከግማሽ በላይ መሞላት የለበትም።

መጨማደዱን ለማስወጣት ሱሪውን ምልክቱ በሚፈቅደው ከፍተኛ ሙቀት፣ ብዙ ጊዜ 40 ነው፣ በሲንቴቲክ ፕሮግራም ያለ መጭመቂያ ደግመው ያጥቡትና ውሃው እየተንጠባጠበ ይስቀሉት። ከዚያ በኋላ ሁለት ነጥብ ያለው የካውያ ምልክት ካለው እስከ 150 ዲግሪ ይተኮሳል፤ አንድ ነጥብ ከሆነ 110 ብቻ።

አክሪሊክ ከሱፍ ጋር ተቃራኒ ነው፤ በሙቅ ውሃ አይጠብም፣ ይለጠጣል። እርጥብና ሙቅ እያለ ከተሰቀለ የውሃው ክብደት እጅጌውን ወደ ታች ይስበዋል። የተለጠጠውን የሚመልስ አስተማማኝ ዘዴ የለም። በ30 ማጠብና ዘርግቶ ማድረቅ ነው መከላከያው።

አንድ ሙሉ የቅዳሜ እጥበት

በቅርጫቱ ውስጥ አምስት ልብስ አለ እንበል፦ ነጭ የጥጥ አንሶላ 60፣ መስመር የሌለው። አዲስ ቀይ የጥጥ ቲሸርት 40፣ መስመር የሌለው። የፖሊስተር ሱሪ 40፣ አንድ መስመር። የአክሪሊክ ዩኒፎርም ሹራብ 30፣ አንድ መስመር። የሱፍ ሹራብ 30፣ ሁለት መስመር። አብረው ሲገቡ ዝቅተኛው ቁጥርና የበዛው መስመር ይገዛል፤ ሁሉንም አንድ ላይ ካስገቡ 30 ዲግሪና የሱፍ ፕሮግራም ይሆናል፣ አንሶላው ሳይጸዳ፣ ከቀይ ቲሸርቱም ቀለም ጠጥቶ ይወጣል። ስለዚህ አንሶላው ብቻውን በኮተን 60፤ ሱሪውና ዩኒፎርሙ በሲንቴቲክ 30፤ ሱፉ ብቻውን። ቲሸርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በባልዲ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀለም መልቀቁን ሲያቆም ከሱሪው ጋር።

ማሽኑ ውሃ የማያሞቅ ከሆነ

ከላይ የሚከፈቱና ባለሁለት በርሜል ማሽኖች ብዙዎቹ ማሞቂያ የላቸውም፣ ሙቅ ውሃ የሚጨምረው ባለቤቱ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። የቧንቧው ውሃ 18 ዲግሪ ቢሆን፣ በ20 ሊትር ላይ ወደ 4 ሊትር የፈላ ውሃ ሲጨመር 30 ዲግሪ ይሆናል፤ ለ40 ዲግሪ ወደ 8 ሊትር ተኩል ያስፈልጋል። ለ60 ግን ከ25 ሊትር በላይ ስለሚሆን በዚህ መንገድ አይሞከር፣ የማሽኑም ፕላስቲክ በርሜል ያን ሙቀት ላይችል ይችላል። ሁልጊዜ ቀዝቃዛው ቀድሞ ይግባ፣ ሙቁ ተጨምሮበት ይማሰል፣ ልብሱ በመጨረሻ። የፈላ ውሃ በቀጥታ ልብስ ላይ ከፈሰሰ ያ ቦታ ከቁጥሩ በላይ ሞቋል፣ የቀረው ቢቀዘቅዝም።

ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ መለያ የላቸውም። መደቡ ጥጥ ስለሆነ ሙቀት ይችላል፤ የሚወስነው ጥለቱ ነው። ጥለቱን ከላይ እንደተባለው በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ይሞክሩት፤ ቀለም ባይለቅም እንኳ ከ30 ዲግሪ አይለፉ፣ በመረብ ከረጢት ውስጥ አድርገው ሁለት መስመር ላለው ልብስ በሚሆነው፣ እጅግ ቀስ ብሎ በሚያገላብጠው ፕሮግራም ያጥቡት። ቀለም ከለቀቀ በማሽን አያስገቡት፣ ጥለቱን ከመደቡ ለይተው ይዘው በእጅ ያጥቡና ወዲያው ዘርግተው ያድርቁት፤ ተጣጥፎ እርጥብ ከቆየ ቀለሙ በነጩ ላይ ያትማል።