የተደራረበ ስኩዌር ሩት፦ መልሱ ትክክል ሆኖ ማርክ የሚቀነሰው ለምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለፍሬሽማን ተማሪዎች ካልኩለስ አስጠናለሁ። ብዙዎቹን የምታስቸግረው ይቺ ጥያቄ ናት፦

```
a₁ = √2
aₙ₊₁ = √(2 + aₙ)
```

ሲኩዌንሱ ኮንቨርጅ ያደርጋል ወይ? ካደረገስ ሊሚቱ ስንት ነው?

ችግር፦ መልሱ 2 ነው፣ ማርኩ ግን ግማሽ

ደብተራቸው ላይ የማየው ሁሌም አንድ ነው። «ሊሚቱን L እንበለው» ይላሉ፣ L = √(2 + L) ብለው ይጽፋሉ፣ ሁለቱንም ወገን ስኩዌር ያደርጉና L² − L − 2 = 0 ይመጣል። 2 እና −1 ይወጣል። −1ን ሰርዘው 2ን ያከቡታል፣ አለቀ።

ጥፋቱ ያለው የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ነው። «ሊሚቱን L እንበለው» ስትሉ ሊሚት መኖሩን ሳታረጋግጡ ወስዳችሁታል። እኩልታዋ የምትነግራችሁ «ሊሚት ካለ ከነዚህ አንዱ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ታፔላው «ቃሊቲ» ስላለ ታክሲው ቃሊቲ ደርሷል ማለት አይደለም።

ካላመናችሁ ይቺን ሞክሩ፦

```
b₁ = 3
bₙ₊₁ = bₙ² − 2
```

L = L² − 2 ብላችሁ ስታስተካክሉት ያችው L² − L − 2 = 0 ትመጣለች፣ ያው 2 እና −1። ቁጥሮቹ ግን 3፣ 7፣ 47፣ 2207 እያሉ ይሄዳሉ፤ የትም አያርፉም። እኩልታዋ አንድ፣ መልሷ አንድ፣ ሲኩዌንሱ ግን ሊሚት የለውም።

መፍትሄው እኩልታዋን ከመጻፍ በፊት ሁለት ነገር ማሳየት ነው። አንደኛ፣ aₙ ከ2 አያልፍም። በኢንዳክሽን ቀላል ነው፦ √2 ከ2 ያንሳል፤ aₙ ከ2 ካነሰ 2 + aₙ ከ4 ያንሳል፣ ስኩዌር ሩቱም ከ2 ያንሳል። ሁለተኛ፣ ሲኩዌንሱ ይጨምራል። እዚህ ላይ ስኩዌሮቹን ቀንሱ፦

```
aₙ₊₁² − aₙ² = 2 + aₙ − aₙ² = (2 − aₙ)(1 + aₙ)
```

ሁለቱም ቅንፎች ፖዘቲቭ ናቸው፣ ስለዚህ aₙ₊₁ > aₙ። እየጨመረ የሚሄድና ከላይ የተገደበ ሲኩዌንስ ሊሚት አለው። አሁን L ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። −1 የሚሰረዘውም ሁሉም aₙ ፖዘቲቭ ስለሆኑ ሊሚቱ ኔጌቲቭ ሊሆን ስለማይችል ነው፤ ይህን በአንድ መስመር ጻፉት፣ ዝም ብላችሁ አትሰርዙት።

ችግር፦ መነሻው ሲቀየር ማረጋገጫው ይፈርሳል

a₁ = 7 ቢባልስ? ኢንዳክሽኑ ገና ከመጀመሪያው እምቢ ይላል፣ 7 ከ2 አያንስማ። ቁጥሮቹ 7፣ 3፣ 2.236፣ 2.058፣ 2.014 እያሉ ይወርዳሉ። ምክንያቱ ያችው ብዜት ናት፦ aₙ ከ2 ሲበልጥ (2 − aₙ) ኔጌቲቭ ይሆናል። እንግዲያው ምልክቶቹን ገልብጡ፦ aₙ ሁሌ ከ2 ይበልጣል፣ ሲኩዌንሱም ይቀንሳል። የቀረው ያው ነው።

ችግር፦ አይጨምርም፣ አይቀንስም

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው፦

```
c₁ = 1
cₙ₊₁ = √(6 − cₙ)
```

ካልኩሌተር ላይ 1፣ 2.236፣ 1.940፣ 2.015፣ 1.996 ይወጣል። አንዴ ከ2 በላይ፣ አንዴ ከ2 በታች። ከስሩ ውስጥ ያለው የመቀነስ ምልክት ነው እንዲህ የሚያደርገው፦ cₙ ሲያድግ የሚቀጥለው ያንሳል። ስለዚህ «ይጨምራል» ወይም «ይቀንሳል» የሚለውን መንገድ ተዉት፤ ከ2 ያለውን ርቀት ለኩ። L² + L − 6 = 0 የምትሰጠውን 2 ለጊዜው እንደ ግምት ያዙና √(6 − cₙ) − 2 የሚለውን በኮንጁጌቱ አባዙና አካፍሉ፦

```
|cₙ₊₁ − 2| = |cₙ − 2| / (√(6 − cₙ) + 2)
```

ታችኛው ቢያንስ 2 ነው። ስለዚህ ርቀቱ በየእርምጃው ቢያንስ በግማሽ ይቀንሳል፣ ወደ ዜሮም ይሄዳል። ኮንቨርጀንሱም ሊሚቱም በአንድ ጊዜ ተረጋገጡ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን መንገድ ነው፣ ለመጀመሪያዋ ጥያቄም ከ7 ቢጀምሩ ከ√2 ያለ ምንም ለውጥ ይሠራል። እንዲያውም 2 አጠገብ ሲደረስ ታችኛው ወደ 4 ስለሚጠጋ ርቀቱ በየጊዜው ሩብ ያህል ብቻ ይቀራል፦ 1፣ 0.236፣ 0.060፣ 0.015፣ 0.004። የናንተ ቁጥሮች እንዲህ ካልወረዱ የሆነ ቦታ ስሌት ተሳስቷል።

አንድ የምትረሳ ነገር አለች። ከስሩ ውስጥ ያለው ኔጌቲቭ እንዳይሆን ማረጋገጥ አለባችሁ። c₁ = 7 ከሆነ √(−1) ይመጣና ሲኩዌንሱ ራሱ አይኖርም። ከ0 እስከ 6 ካለው ከየትኛውም ቁጥር ከተነሳችሁ ግን የሚቀጥለው ከ0 እስከ √6 ውስጥ ይወድቃል፣ ከዚያም አይወጣም። ይህን ከርቀቱ ስሌት በፊት አስፍሩት።